የጥምቀት ቀሚስ፣ ቅናሽና የፌስቡክ ማስታወቂያ፦ ከጎጃም የመጡ ጥያቄዎች

ኅዳር ሲጋመስ የዚህ ዓምድ መልእክት ሳጥን በልብስ ሰፊዎች ይሞላል። ዘንድሮም ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከእንጅባራና ከባሕር ዳር ጽፋችሁልኛል። አብዛኛው ጥያቄ ለገናና ለጥምቀት ፌስቡክ ላይ ስለሚለጠፈው የቅናሽና የሰዓት ማስታወቂያ ነው። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል። ሌሎቹ ብዙዎቹ እሱ ላይ ስለሚንጠለጠሉ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። «ከኅዳር 25 እስከ ጥምቀት በሁሉም ስፌት 20 ፐርሰንት ቅናሽ፤ እስከ ምሽት ክፍት ነን» ብዬ ልለጥፍ ነው። ጥሩ ነው?

እንዳለ አትለጥፊው። ቅናሹ ሥራ የሚያመጣልሽ ሥራ በማትፈልጊበት ጊዜ ነው።

መልስ ከመጻፌ በፊት ደውዬልሽ የነገርሽኝን ሒሳብ አንድ ላይ እንየው። ለአንድ የሐበሻ ቀሚስ ስፌት 800 ብር ታስከፍያለሽ። ጨርቁን ደንበኛዋ ታመጣለች። ከ800ው ግማሹ፣ 400 ብር፣ መኪናው ላይ የተቀመጠችው ሰፊ ድርሻ ነው። ክር፣ ዚፕና ገበር ወደ 120 ብር ይወስዳሉ። ለአንቺ 280 ብር ይተርፋል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ መብራትና የራስሽ የቁረጣ ድካም ይወጣል።

20 ፐርሰንት ማለት 160 ብር ነው። የሰፊዋን ድርሻ አልነካም ካልሽ፣ መንካትም የለብሽም፣ 160ው ሙሉ በሙሉ ከአንቺ 280 ላይ ይነሣል። 120 ብር ቀረሽ። ደንበኛዋ አንድ አምስተኛ ሲቀነስላት አንቺ ከግማሽ በላይ አጣሽ። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ሳያወርዱ ቅናሽ የሚለጥፉ ሱቆች ብዙ ናቸው። ጥር ሲያልቅ «ሥራው ነበረ፣ ገንዘቡ የት ሄደ?» ይላሉ።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነገር ነው። ዓምና እስከ ታኅሣሥ 24 ድረስ 40 ቀሚስ ብቻ ተቀበልሽ። ከዚያ እስከ ጥምቀት ዋዜማ ባለው ጊዜ ደግሞ 90 መጣ። እሑዶቹንና ገናን ስናወጣ ያ 12 የሥራ ቀን ገደማ ነው። ሁለቱ ሰፊዎችሽ ተባብረው በቀን 4 ቀሚስ ይጨርሳሉ፤ በ12 ቀን 48 ማለት ነው። ሰዓት ብታራዝሚ 5 ይደርሳሉ እንበል። ሦስት ሰዓት ስትጨምሪ ሥራው በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ማታ ላይ እጅ ይደክማል፣ የተፈታ ስፌት እንደገና ይሰፋል። ስለዚህ 60። 90 ተቀብለሽ 60 የምትችይ ከሆነ 30 ቀሚስ የትም የለም። ዓምና በዋዜማው ሌሊት ቀሚስ ሳይደርስ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ደንበኞችሽ የዘገዩት በስንፍና አይደለም። በአገራችን ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወር ነው። ጤፉ ተወቅቶ ገበያ ሳይወጣ የገጠሩ ቤተ ዘመድ ብር አይልክም፤ ከተማ ያለውም ደመወዙን ይጠብቃል። ብር ከገባ በኋላ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይመጣል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባል አገር ውስጥ ቀሚስ ጥር 12 ቢደርስ ማን ይረከብሻል?

በዚህ ላይ የአንቺ ማስታወቂያ ቅናሹን እስከ ጥምቀት ይዘረጋዋል። ከታኅሣሥ 24 በኋላ የሚመጡት 90 ደንበኞች በሙሉ ዋጋም ይመጡ ነበር። ለእነሱ 160 ብር ብትቀንሺ 14,400 ብር በነጻ ሰጠሽ። ደግሞም ቀድመው እንዲመጡ ምክንያት አልሰጠሻቸውም። ቅናሹ ጥር 9ም ካለ ታኅሣሥ 5 ላይ ማን ይቸኩላል?

ስለዚህ ቅናሹን ለቀደመ ብቻ አድርጊው። 15 ፐርሰንት ይበቃል፤ 120 ብር ነው፣ ለአንቺ 160 ይቀርሻል። ዋናው ነገር ማብቂያው ታኅሣሥ 15 ይሁን። ዓላማሽ አዲስ ደንበኛ ማብዛት ሳይሆን ከ90ዎቹ ውስጥ ቢያንስ 30ዎቹን ወደ ፊት መሳብ ነው። ሙሉ ብር ያልያዘችም ብትሆን ጨርቁንና ትንሽ ቀብድ ይዛ ትምጣ። ልኬቷን ውሰጂ፣ ተራ ስጫት። ቀሪውን ስትረከብ ትከፍላለች።

ቅናሽ ካለፈ በኋላ ደግሞ መዝጊያ ቀን ያስፈልግሻል። ከጥር 1 እስከ ጥር 9 ባለው ጊዜ በቀን 5 ብትሰፉ 35 ቀሚስ አካባቢ ነው የምትችሉት። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ያልተሰፋው 35 ሲሞላ ለጥምቀት መቀበል አቁሚ። ጥር 1 ሳይደርስ ከሞላም ያን ዕለት አቁሚ። ጥር 10ን ባዶ ተይው፤ ከተራ ነው። ደግሞም ለብሳ ስትሞክረው ደረቱ የጠበባት፣ እጅጌው የረዘመባት ሁልጊዜ አለች።

እኔ ብሆን እንዲህ እለጥፈው ነበር፦

> ለጥምቀት ቀሚስ የምታሰፉ፦ እስከ ታኅሣሥ 15 ላዘዘች ስፌት ከ800 ወደ 680 ብር።
>
> ቅናሹ በስፌት ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ጨርቅ፣ ጥበብና ጥልፍ አይጨምርም።
>
> ከታኅሣሥ 16 ጀምሮ በመደበኛው 800 ብር እንቀበላለን። ጥር 1 ለጥምቀት መቀበል እናቆማለን። ተራ ቀድሞ ከሞላ ቀድመን እናቆማለን፤ እዚሁ እናሳውቃለን። ከዚያ በኋላ ማሳጠርና ማጥበብ ብቻ።
>
> ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 9፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ክፍት ነን። ልኬት የምንወስደው እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው። እሑድ ዝግ።
>
> ስትመጡ ጨርቃችሁንና ቀብድ ያዙ። የመሞከሪያና የመረከቢያ ቀን በወረቀት እንሰጣለን።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ዋጋና ቀን መኖሩን ልብ በይ። ፌስቡክ ረዘም ያለ ጽሑፍ መሀል ላይ ቆርጦ የቀረውን ይደብቀዋል፤ ብዙ ሰው ተጭኖ አይከፍተውም። «የተከበራችሁ ደንበኞቻችን እንኳን ለብርሃነ ልደቱ…» ብለሽ ከጀመርሽ የሚታየው ምርቃቱ ብቻ ነው። ምርቃቱን መጨረሻ ላይ አድርጊው፣ ማንም አይቀየምሽም። ከለጠፍሽ በኋላ ደግሞ ገጹ አናት ላይ ሰክተሽ አቆይው፤ አለዚያ በሌሎች ፎቶዎች ስር ይቀበራል።

የመጨረሻ አደራ፦ ከመለጠፍሽ በፊት ለሰፊዎችሽ ንገሪያቸው። ድርሻቸው እንደማይቀነስና ማታ ስንት ሰዓት እንደሚወጡ ከአንቺ ይስሙ። ከፌስቡክ ሲያነቡት ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ «እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት» ብዬ ለጠፍሁ። አንዱ «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» ይላል፣ ሌላው 9 ሰዓት መጥቶ «ለምን አልዘጋችሁም?» ይላል። ምን ላድርግ? (ፍኖተ ሰላም)

ጥፋቱ ከጽሑፍህ አይደለም፤ ከገጽህ ነው። ጽሑፉ ላይ በእኛ አቆጣጠር ጻፍህ። ገጹ የመክፈቻ ሰዓት መሙያ ላይ ደግሞ የሚቀበለው የፈረንጁን ብቻ ነው። ምናልባት እዚያ 3:00 PM ብለህ ሞልተህ ይሆናል። እሱን ያየ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ትዘጋለህ ብሎ ነው የሚያስበው።

የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት እዚያ 8:00 AM ነው። የእኛ ምሽት 3 ሰዓት 9:00 PM ነው። ስድስት ሰዓት መደመር ነው፤ ድምሩ ከ12 ካለፈ 12 ቀንስለት። ቀኑ 6 ሰዓት ላይ ብቻ ተጠንቀቅ፤ 12:00 PM ይባላል፣ AM ካልከው እኩለ ሌሊት ይሆናል። በጽሑፉ ላይ ግን «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚለውን ሳታስቀር በእኛው ጻፍ። ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን መደርደር የባሰ ያምታታል።

ማስታወቂያውን ቀድመህ ጽፈህ በራሱ ቀን እንዲወጣ የምታዘው ከሆነም ቀኑ የፈረንጅ ነው። በተለመደው ዓመት ኅዳር 25 December 4 ነው፣ ታኅሣሥ 15 ደግሞ December 24። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን አንድ ቀን ይገፋል። ያን ዓመት ገናም ታኅሣሥ 28 ስለሚውል «እስከ ገና» ብቻ ብለህ አትተው፤ ቀኑን ጻፈው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። ሰዓት አራዝመን እስከ ማታ እንሠራለን፤ ግን ዓምና ብዙ ሥራ ተበላሸብን። ማራዘሙ ይቅር?

ይቅር አልልም። ማታ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለዩ።

ማታ መቁረጥ የለም። የተሰፋ ይፈታል፣ የተቆረጠ አይቀጠልም። በፋብሪካ ጨርቅ ቢሆን ሌላ ሜትር ገዝተህ ታመልጣለህ። በእጅ የተሸመነ ቀሚስ ላይ ግን ሸማኔው ያወጣው ጥበብ ልክ ለዚያ ቀሚስ ነው። ደረቱ ላይ የሚውለውን ቁራጭ ለጫፉ ቆርጠህ ብትሰጥ ያንኑ ጥበብ ገበያ ዞረህ አታገኘውም። ልኬት መውሰድና ጥበብ ከጥበብ ማግጠምም የቀን ሥራ ነው። በነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ ክር በአምፖል ብርሃን አይታይም። ሰፊው ቀጥ ያለ ይመስለዋል፣ ጠዋት ሲያየው እባብ ሆኗል።

ማታ የሚሠራው ቀጥ ያለ ስፌት፣ ጠርዝ ማጠፍ፣ ዚፕና ቁልፍ መትከል፣ መተኮስ ነው። ስለዚህ ቆራጩ ቀን ቀን ለማታ የሚሆነውን ቆርጦ፣ እያንዳንዱን ቀሚስ ከስሙና ከልኬት ወረቀቱ ጋር አስሮ ይተው። ማታ መኪናው ላይ የሚቀመጠው ሰው ማሰብ የለበትም፤ መስፋት ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሚያድናችሁ የእግር መኪና ነው። ሁለቱንም ዓይነት የያዘ ሱቅ ኤሌክትሪክ የሚፈልገውን፣ ጥልፍና ኦቨርሎክ፣ መብራት ባለበት ሰዓት አስቀድሞ ይጨርስ። ማታ ላይ መብራት ቢሄድ በፋኖስ ብርሃን ነጭ ጨርቅ አትስፉ፤ ዝጉና ሂዱ።

ማስታወቂያው ላይም ሁለት ሰዓት ለዩ። እናንተ የምትሠሩበት ሰዓትና ደንበኛ የሚመጣበት ሰዓት አንድ አይደለም። ባጃጅ ማታ የሚገደብበት ከተማ ከሆነ ደንበኛም ሰፊም መግቢያ ያጣል። እንደዚያ ከሆነ ማታውን ትታችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ክፈቱ። የጥር ጠዋት ቀዝቃዛ ቢሆንም ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ እጅም አልደከመም።

ጥያቄ፦ ቡሬ ከተማ «20 ፐርሰንት ቅናሽ» የሚል አይቼ ሄድሁ። 3,500 ብር የተባለው ቀሚስ 2,800 ይሆናል ብዬ ነበር። 3,340 ብር አሉኝ። አጭበርብረውኛል?

ከቁጥሩ እንደሚገባኝ ቅናሹ የተሰላው በስፌቱ ላይ ብቻ ነው። ከ3,500ው ውስጥ 800 ብር ስፌት ከሆነ 20 ፐርሰንቱ 160 ብር ነው፤ 3,340 ይመጣል። ሒሳቡ ልክ ነው። ጥፋቱ ማስታወቂያው «የስፌት ዋጋ ላይ» አለማለቱ ነው። ልብስ ሰፊዎች ሆይ፣ ይህችን ሦስት ቃል ለመጻፍ ምን ገደዳችሁ?

አንቺን በተመለከተ ሕጉ ከጎንሽ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃና የአገልግሎት ዋጋውን እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ማስታወቂያው ቅናሹ በጠቅላላ ዋጋው ላይ ነው የሚያስብል ከሆነ ፎቶ አንሥተሽ ያዥው። ፌስቡክ ላይ ያለ ጽሑፍ ማታውን ሊታረም ይችላል። መጀመሪያ ባለቤቱን አነጋግሪ፤ የሰፈር ሱቅ ስሙን ይፈራል፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ይፈታል። ካልሆነ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ።

ሌላ ቦታ ከመሄድሽ በፊት ግን ስልክ ደውለሽ «ጨርቄን ባመጣ ስፌቱ ስንት ነው? ከቅናሹ በፊት ስንት ነበር?» በይ። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ነገር ያወጣል። ከበዓል በፊት ዋጋ ከፍ አድርጎ መልሶ «የቀነሰ» ሱቅ እዚያ ላይ ይንተባተባል።

ጥያቄ፦ «ዋጋ በኢንቦክስ» ብሎ መለጠፍ ይሻላል አይደል? ተፎካካሪ ዋጋዬን እንዳያይ ነው።

ተፎካካሪህ ዋጋህን ያውቃል። እህቱን ደንበኛ አስመስሎ ይልካታል። የማያውቀው ደንበኛው ነው፤ እሱ ደግሞ አንተን ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ዋጋ የጻፈው ጋ ይሄዳል። በዓል ሲቃረብ መኪና ላይ ተቀምጠህ ለአርባ ሰው «ሰላም፣ 800 ነው» እያልህ መመለስ አትችልም። ከላይ የጠቀስሁትን አዋጅም አትርሳ።

ዋጋው እንደ ሞዴሉ ይለያያል ካልህ መነሻውን ጻፍ፦ «ከ800 ብር ጀምሮ»። ግን 800 ብር የሚሰፋ ቀሚስ በእርግጥ ይኑርህ።

ጥያቄ፦ አባቴ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። ማስታወቂያውን እኔ ነኝ የምጽፍለት። «ቅናሽ የሚል ልብስ ሰፊ ሥራ ያጣ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ። እንዴት ላሳምነው?

አባትሽ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ለማሳመን አትድከሚ። ተራቸው ሁልጊዜ ሙሉ የሆነ ሰፊ ቅናሽ አያስፈልገውም። ለእሳቸው የሚሆነው ማስታወቂያ የሰዓቱና የመዝጊያ ቀኑ ብቻ ነው። «ለጥምቀት እስከ ታኅሣሥ 25 እንቀበላለን» የሚል አንድ መስመር ከየትኛውም ፐርሰንት በላይ ሰው ያንቀሳቅሳል።

አንድ ቅናሽ ግን እሳቸውንም የሚያስማማ አለ። ሰውን ለመለመን ሳይሆን ድካማቸው በእርግጥ ስለሚቀንስ የሚሰጥ ነው። ለጥምቀት አንድ ዓይነት የሚለብሱ ጓደኛማቾች፣ የሰፈር ወጣቶች፣ ሚዜዎች አሉ። ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ሸሚዝ ወይም ቁምጣ ከሆነ ጨርቁን ደራርበው በአንድ ጊዜ አራትና አምስት ይቆርጣሉ። ክር መቀየር የለም። መኪናው አንድ ጊዜ ይስተካከላል፣ ሰፊው ስምንቱን ኪስ፣ ከዚያ ስምንቱን ወገብ እያለ ይሄዳል። እዚያ ጊዜ ይተርፋል፣ የተረፈውን ከደንበኛው ጋር መካፈል ሞኝነት አይደለም። «ስድስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ አንድ ዓይነት ስታሰፉ ከእያንዳንዱ 60 ብር ቅናሽ» በይላቸው። ቅድመ ሁኔታ ይኑረው፦ ሁሉም በአንድ ቀን መጥተው ይለኩ። አንዱ ዛሬ፣ አንዱ በሳምንቱ ከመጣ ደራርቦ መቁረጥ የለም፣ ቅናሹም የለም።

ይህ በእጅ ለተሸመነ ቀሚስ አይሠራም። እያንዳንዱ ጥበብ የራሱ ቦታ ስላለው አንድ በአንድ ነው የሚቆረጠው። አባትሽ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አንቺ ግን ማስታወቂያው ላይ ጻፊው።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ነኝ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ቅናሹን እስከዚያ ላራዝም?

አታራዝም፤ ለብቻው ሌላ ማስታወቂያ ጻፍ። የጥምቀቱ ሥራ የሴት ቀሚስ ነው፤ የፈረሰኞቹ ሥራ የወንድ ልብስ ነው። ሰፊውም፣ ጨርቁም፣ ገዢውም ሌላ ነው። ጥር 12 ላይ ሰፊዎችህ አንድ ቀን ይረፉ፣ ጥር 13 ለጥፍ። እስከ በዓሉ አሥር ቀን አለህ፤ ቅናሽ ለመስጠት ጊዜው አጭር ነው። «እስከ ጥር 18 የመጣ ለበዓሉ ይደርስለታል» ማለት ይበቃል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለፈረሰኛ ሱሪ የምትወስደውን ልኬት ቆሞ ብቻ አትውሰድ። ወንበር ላይ እግሩን ከፍቶ ይቀመጥና መሐል እግሩን እንደገና ለካ። ቆሞ ልክ የሆነ ሱሪ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ይጠብቃል፤ የሚተረተረውም እዚያው፣ ሰው ሁሉ ፊት ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶ ስለጥፍ ነጩ ቀሚስ ቢጫ ይመስላል። የተሻለ ስልክ ልግዛ?

ስልኩ ደህና ነው፤ አምፖሉ ነው ቢጫ ያደረገው። ጠዋት ቀሚሱን በር ላይ ስቀይ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው በጥላ አንሺው። አንድ ሙሉውን፣ አንድ ደግሞ ጥልፉን ወይም ጥበቡን ከቅርብ። ከኢንተርኔት ያገኘሽውን የሰው ሥራ ግን አትለጥፊ። ደንበኛዋ ስልኳን ከፍታ «ይህን አድርጊልኝ» ትልሻለች፣ ያን ጊዜ ምን ልትዪ ነው? የለጠፍሽውን ሁሉ ራስሽ ሰፍተሽው መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ኔት በሚጠፋበት ቀን የለጠፍሁት ሰዓት ቢቀየር ደንበኛ እንዴት ይወቅ?

በር ላይ ወረቀት ለጥፍ። ፌስቡኩ ላይ ያለው ጽሑፍ በትልቁ ተጽፎ፣ ቀኑ ከላይ ሆኖ፣ በሩም ላይ ይኑር። ሰዓት ስትቀይር መጀመሪያ በሩን ቀይር፣ ኔት ሲመጣ ገጹን። የሁሉንም ደንበኛ ስልክ ቁጥር በትእዛዝ ወረቀታቸው ላይ ጻፍ፤ ዳታ ባይኖርም መደወል ይቻላል።

ጥያቄ፦ በሰጠሁት ቀን ሳላደርስ ብቀር ቅናሹን ልጨምርላት? ቀብዷን ልመልስ?

መጀመሪያ ደውይላት፤ እሷ መጥታ ከምትሰማው አንቺ አስቀድመሽ ንገሪያት። የመረከቢያ ቀን ጥር 8 ከሆነ ጥር 6 ማታ መደርደሪያሽን እይ። ያልተቆረጠ ቀሚስ ካለ እሱ አይደርስም፤ ራስሽን አታታልይ። ጥር 7 ጠዋት ከደወልሽላት ጨርቋን ወስዳ ሌላ ሰፊ ልትለምን፣ ወይም ያለፈውን ዓመት ቀሚስ ልታጥብ ጊዜ አላት። ያኔ ቀብዷን ሙሉውን መልሺ፤ የቆረጥሽው ነገር ስለሌለ የምትይዥበት ምክንያት የለም።

ተቆርጦ ሳይሰፋ የቀረ ከሆነ ግን ከእጅሽ አይውጣ። ሌላ ሰፊ የሰው ቁራጭ መቀጠል አይወድም። እሱን ከሁሉም አስቀድመሽ ጨርሺው፤ ከስፌት ዋጋው ላይም ቀንሺላት። ስንት እንደሚቀነስ ደግሞ ዛሬ፣ ግርግሩ ሳይጀመር፣ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ጻፊ፦ «ከተባለው ቀን በአንድ ቀን ከዘገየ 100 ብር ይቀነሳል»። ዋዜማ ማታ፣ እሷ እያለቀሰች፣ አንቺ እንቅልፍ አጥተሽ ዋጋ መነጋገር አይቻልም።